ካሜራው ቀን ደህና፣ ሲመሽ ሞራ የሚጋርደው ለምንድነው? የነጩን ቀለበት ምንጭ ፈልጎ የማጥፋት መመሪያ

ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር አካባቢ አነስተኛ ፔንሲዮን ያላቸው አንዲት እናት ባለፈው ክረምት ማታ 2 ሰዓት ላይ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የበሩን ካሜራ ሞራ ጋርዶታል። ቀን ደህና ነው፤ ሲመሽ ይታወራል» አሉኝ። ስልካቸው ላይ የሚያዩትን ምስል እንዲልኩልኝ ጠየቅኳቸው። እውነትም ሞራ ነበር የሚመስለው። የምስሉ መሃል ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነጥቷል። ዙሪያውን ወፈር ያለ ደማቅ ቀለበት ከቦታል። 9 ሜትር ያህል የሚርቀው የግቢ በር ጥላ ብቻ ሆኗል። ዘበኛው እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሳቸው ባይነግሩኝ ኖሮ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

የዚያኑ ቀን ጠዋት የተቀረጸውን ላኩልኝ። ያው ካሜራ በሩ ላይ በቀለም የተጻፈውን ስልክ ቁጥር ሳይቀር ያሳያል። አንድ ሰው ደግሞ «ሌንሱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ይግዙ» ብሏቸዋል። ይህን ምክር ብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ቀን ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ካሜራ ሌንሱ አልተቃጠለም። ሌሊት ብቻ የሚመጣ ነጭ ቀለበት የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፦ ካሜራው ራሱ የሚያበራው ብርሃን ግቢው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነው። ብርሃኑ የሚመለስበትን ቦታ ካገኛችሁ ችግሩን አገኛችሁት ማለት ነው።

እዚህ የማተኩረው ዶም ካሜራ ላይ ነው። ዶም የምንለው ክብ ሆኖ፣ ፊቱ ላይ ግልብጥ ሳህን የሚመስል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሽፋን ያለውን ነው። በረንዳ ላይ ኮርኒስ ሥር የሚሰቀለው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ቀለበቱም በብዛት የሚታየው እሱ ላይ ነው።

ቀለበቱ ከየት ይመጣል?

ካሜራው በጨለማ የሚያየው የራሱን መብራት ይዞ ስለሚዞር ነው። ሌንሱ ዙሪያ ትንንሽ መብራቶች አሉ። የሚያወጡት ብርሃን ኢንፍራሬድ ይባላል፤ የእኛ ዓይን አያየውም ማለት ይቻላል፣ የካሜራው ዓይን ግን ያየዋል። ብዙዎቹ ካሜራዎች 850 ናኖሜትር የሚባለውን ዓይነት ይጠቀማሉ። ማታ ቀና ብላችሁ ስታዩ ደብዘዝ ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦች የሚታዩት ለዚህ ነው። 940 ናኖሜትር የሆኑት ደግሞ ምንም አይታዩም፤ የሚያበሩት ርቀት ግን ያጥራል።

አሁን ዶሙን አስቡት። መብራቶቹም ሌንሱም ያሉት ከአንድ ሽፋን ጀርባ ነው። ብርሃኑ ሽፋኑን አልፎ ሲወጣ ሁሉም አይወጣም። ሽፋኑ የውስጥና የውጭ ገጽ አለው። ንጹህ ሆኖ እንኳን እያንዳንዱ ገጽ ከ100 እጅ 5 ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። 5 እጅ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን በሩ ጋ ደርሶ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከሽፋኑ የተመለሰው ብርሃን ሌንሱ ጋ መድረስ ከቻለ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ማታ ክፍል ውስጥ መብራት አብርታችሁ በመስኮት ወደ ውጭ ለማየት ሞክሩ። የምታዩት ግቢውን ሳይሆን መስታወቱ ላይ ያለውን የራሳችሁን ፊት ነው። ዶሙ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ መከላከያ አበጅቶለታል። ሌንሱን ከብቦ የሚቀመጥ ጥቁር የስፖንጅ ወይም የላስቲክ ቀለበት አለ። ሽፋኑ ሲገጠም ይህ ቀለበት ከሽፋኑ የውስጥ ገጽ ጋር ገጥሞ፣ ትንሽ ተጨምቆ መቀመጥ አለበት። ያኔ ሌንሱ በአንድ ክፍል፣ መብራቶቹ በሌላ ክፍል ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ግድግዳ አለ ማለት ነው። ቀለበቱ ከተጣመመ፣ ከተቀደደ ወይም ሽፋኑን ካልነካ ግድግዳው ተሸነቆረ። አንድ ሁለት ሚሊሜትር ክፍተት ይበቃል።

ደረጃ 1፦ መሰላል ከመውጣታችሁ በፊት ምስሉን አንብቡ

ማታ፣ ካሜራው ወደ ጥቁርና ነጭ ከተቀየረ በኋላ፣ ምስሉን ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ላይ ክፈቱና ሳትቸኩሉ እዩት። ነጩ ነገር የት ላይ ነው? ምን ይመስላል?

ምስሉን በሙሉ የሸፈነ ነጭ ጉም ወይም ዙሪያውን የከበበ ቀለበት ከሆነ ነገሩ ሽፋኑ ላይ ወይም ሽፋኑ ውስጥ ነው። በአንድ ወገን ብቻ፣ ለምሳሌ ከላይ ወይም ከጎን፣ የነጣ ከሆነና ቀሪው የጨለመ ከሆነ ቅርብ ያለ ግድግዳ ወይም ኮርኒስ ነው። ነፋስ ሲነፍስ የሚወዛወዝ ነጭ ክር ካያችሁ የሸረሪት ድር ነው፤ እሱ ገና በመጥረጊያ ይለቃል። የማይንቀሳቀሱ ነጫጭ ነጠብጣቦች ከሆኑ ደግሞ አቧራ ወይም የደረቀ የውሃ ጠብታ ነው።

አንድ ሌላ ችግር ከዚህ ጋር ይምታታል። ቀንም ምስሉ ወደ ሮዝ ወይም ሐምራዊ ካደላ፣ ቅጠሉ ሁሉ ቀለሙ ከተዛባ፣ የብርሃን ነጸብራቅ ጉዳይ አይደለም። ካሜራው ውስጥ ቀን ቀን ኢንፍራሬድን የሚከለክል ትንሽ ማጣሪያ አለ። ሲመሽ ቀጭ ብሎ ይሸሻል፣ ሲነጋ ይመለሳል። እሱ ሳይመለስ ቀርቶ ነው። ያ ከሆነ ይህ መመሪያ አይጠቅማችሁም፤ ጥገና ያስፈልገዋል።

የፔንሲዮኑ ምስል ጉምም ቀለበትም ነበረው። ቀለበቱ ደግሞ ከታች በኩል ወፈር ይላል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ደረጃ 2፦ የካሜራውን መብራት አጥፉና እዩ

ጥፋቱ የካሜራው የራሱ ብርሃን ነው ወይስ የሌላ? ይህን የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። ወደ ካሜራው ሴቲንግ ግቡና `Day/Night` የሚለውን ከ`Auto` ወደ `Day` ወይም `Color` ቀይሩት። በብዙ ካሜራዎች ያን ጊዜ የኢንፍራሬድ መብራቱ ይጠፋል። `IR Light` የሚል ለብቻው ካለ እሱን `Off` አድርጉት።

ምስሉ ጨልሞ ጉሙና ቀለበቱ አብረው ከጠፉ ጥፋተኛው የራሱ መብራት ነው፤ ቀጥሉ። ጉሙ ካልጠፋ ግን ብርሃኑ የሚመጣው ከውጭ ነው። የጎረቤት ፓውዛ ወይም የመንገድ መብራት ሽፋኑን በቀጥታ እየመታው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ካሜራውን ጥቂት ዲግሪ ማዞር ወይም መብራቱን ሌላ ቦታ ማዛወር ነው መፍትሔው። ለማረጋገጥ አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ በመዳፉ በመብራቱና በካሜራው መካከል ጥላ ያድርግ። ጉሙ በእጁ ጥላ ከጠፋ አገኛችሁት።

ከፈተናው በኋላ ሴቲንጉን ወደ `Auto` መመለስ አትርሱ። ረስተው ሌሊቱን ሙሉ ጨለማ ሲቀርጹ ያደሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ፔንሲዮኑ ጋ መብራቱን ሳጠፋ ጉሙ ወዲያው ለቀቀ። የበረንዳው አምፖል በምታወጣው ደካማ ብርሃን ዘበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ታየኝ። ደብዝዟል፣ ግን ሰው ነው። እትዬም ስልካቸው ላይ እያዩ ነበር። «እንዴ! ብርሃን ስትቀንስለት ነው እንዴ የሚያየው?» አሉ። በትክክል የገባቸው ያኔ ነው።

ደረጃ 3፦ ሽፋኑን አውልቁና አወዳድሩ

ከሁሉም ፈተና እርግጡ ይህ ነው። ዝናብ በሌለበት ምሽት ሥሩት። መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር። የካሜራው ኤሌክትሪክ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት ስለሆነ የሚያስፈራው መውደቁ ነው።

የዶሙ ሽፋን በጠርዙ ዙሪያ 3 ወይም 4 ብሎን አለው። አንዳንዱ ተጠምዝዞ የሚወልቅ ነው። ብሎኑ ብዙ ጊዜ ተራ ካቻቪቴ የማይፈታው፣ ጭንቅላቱ ኮከብ ወይም ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ነው። ቁልፉ ካሜራው ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ከመጣላችሁ በፊት ካርቶኑን ፈትሹ። በሌላ ነገር ከታገላችሁት ጭንቅላቱ ይላጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሽፋኑን ማውለቅ ትልቅ ጣጣ ነው።

ሽፋኑን ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ አውልቁ። የውስጡን ገጽ በጣታችሁ አትንኩ። የጣት ቅባት ለዓይን ባይታይም በኢንፍራሬድ እንደ ጭስ ነው የሚታየው። እኔ ራሴ ሥራውን ስጀምር ሽፋኑን በመዳፌ እየያዝኩ ስገጥም ቆይቼ፣ በሳምንቱ «ደበዘዘ» ተብዬ ተመልሻለሁ። ካሜራውን የገጠመው ሰው ዋናው የጉም ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሽፋኑ ወልቆ መብራቱ በርቶ እያለ ምስሉን እዩ። ጥርት ካለ ችግሩ ሽፋኑ ወይም ሌንሱን የከበበው ጥቁር ቀለበት ነው። አሁንም ከነጣ ችግሩ ከካሜራው ውጭ ነው፤ ወደ ደረጃ 6 እለፉ። ሽፋኑን ግን እንደወለቀ አትተዉት። «ያለ ሽፋኑ ጥሩ ያሳያል» ብለው የተዉት ሰዎች ክረምት ሲገባ ካሜራውን ራሱን አጥተዋል።

የፔንሲዮኑ ካሜራ ሽፋኑ ሲወልቅ በሩ፣ ዘበኛው፣ የተሸከመው ዱላ ሳይቀር ተለይቶ ታየ።

ደረጃ 4፦ ሽፋኑን እጠቡ፤ ግን እንደ መስኮት አትወልውሉት

ሽፋኑ ብዙ ጊዜ መስታወት ሳይሆን ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ለምት ጠንካራ ነው፤ ለጭረት ግን ስስ ነው። አቧራ ያለበትን ሽፋን በደረቅ ጨርቅ ስታሹት አቧራው እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል። እያንዳንዷ ጭረት ደግሞ ሌሊት ብርሃን ትይዛለች።

መጀመሪያ አቧራውን እፍ በሉት ወይም በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። ከዚያ ለብ ባለ ንጹህ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ። ሽፋኑን ውስጡ ነክራችሁ በመነጽር መጥረጊያ ዓይነት ለስላሳ ጨርቅ፣ ሳትጫኑ፣ እጠቡት። በንጹህ ውሃ አለቅልቁ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ሊተው ይችላል። ሳይደርቅበት በሌላ ንጹህ ለስላሳ ጨርቅ አድርቁ።

በረኪና፣ አሴቶን፣ ቤንዚን፣ ጠንካራ አልኮልና ሶፍት አይነኩትም። አሴቶንና ቤንዚን ፕላስቲኩን ያነጡታል፣ ይሰነጥቁታል። ሶፍትም ወረቀት ስለሆነ ይጭራል።

ሌላ አንድ ነገር ተመልከቱ። አዲስ ካሜራ ሽፋኑ ላይ ስስ መከላከያ ላስቲክ ተለጥፎበት ነው የሚመጣው። ገጣሚው ሳይልጠው ይቀራል፤ ፀሐይ ይመታውና ይሸበሸባል። ቀን አይታወቅም። ጠርዙን በጥፍራችሁ ፈልጉት።

ካጠባችሁት በኋላ ሽፋኑን ወደ አምፖል አቅንታችሁ እዩ። ብጫ ቢጤ ከሆነ ወይም በደቃቅ ጭረት ከተሞላ ፀሐይና ጊዜ በልተውታል። በጥርስ ሳሙና ማሸት የሚሉ አሉ፤ ጭረቱን ታበዙታላችሁ። ለዚያ ካሜራ ሞዴል የሚሆን ሽፋን ብቻ ከተገኘ እሱን ቀይሩ።

ደረጃ 5፦ ጥቁሩ ቀለበት

ብዙ ሰው አጥቦ መልሶ ይገጥምና «አሁንም ያው ነው» ይላል። ዋናውን ነገር ስለዘለለው ነው።

ሽፋኑ ወልቆ ሳለ ሌንሱን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ሌንሱን የከበበው ጥቁር ስፖንጅ ወይም ላስቲክ ሙሉ ክብ ነው? አንድ ጎኑ ወርዷል? ደርቆ ተፈርፍሯል? በደረቅ ንጹህ ጣት ነካ አድርጉት። ጤነኛ ስፖንጅ ተጭኖ ይመለሳል። ያረጀው እንደተጫነ ይቀራል። እንደተጫነ የቀረው ሽፋኑን መንካት ስለማይችል ክፍተት ይፈጥራል።

የፔንሲዮኑ ካሜራ ቀለበት አልተቀደደም ነበር። ቀለበቱ በታች በኩል 2 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ተገፍቶ ነበር። ምክንያቱ ገባኝ። ካሜራውን የገጠመው ሰው መንገዱንም ጭምር ለማሳየት ብሎ ዓይኑን በጣም ወደ ላይ ቀና አድርጎታል። ዓይኑ ሲዞር ስፖንጁ ከሽፋኑ ጠርዝ ጋር ተፋጭቶ አንድ ጎኑ ታጥፏል። ያ በደረጃ 1 ያዙልኝ ያልኳችሁ፣ ከታች የወፈረው ቀለበት፣ ስፖንጁ ባልነካበት ወገን የሾለከው ብርሃን ነበር። ክፍተቱ ያለበት ወገንና ምስሉ ላይ የሚደምቀው ወገን ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ የሽፋኑ ጉብጠት ብርሃኑን ያዞረዋል። አንድ ወገን ብቻ መወፈሩ ግን ስፖንጁ እኩል አለመቀመጡን በደንብ ይጠቁማል።

ታጥፎ ብቻ ከሆነ በጣታችሁ አቃንታችሁ ዙሪያውን እኩል አድርጉት። ዓይኑንም የሚይዘውን ብሎን ላላ አድርጋችሁ ዝቅ አድርጉት። በአብዛኛው ዶም ሌንሱ በሽፋኑ ክብ ክፍል እንጂ በጠርዙ በኩል ማየት የለበትም። ጠርዙ ጋ ፕላስቲኩ ስለሚታጠፍ ምስሉም ይዛባል፣ ብርሃንም ይሰበስባል። እትዬ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። «እትዬ፣ መንገዱን ካሳየ በሩን አያሳይም። የሚጠብቁት የትኛውን ነው?» አልኳቸው። «በሩን ነዋ!» አሉ። ዝቅ አደረግነው።

ስፖንጁ ካረጀ መተካት ይቻላል። ለበርና ለመስኮት ክፍተት መድፈኛ የሚሸጠው፣ አንድ ጎኑ የሚለጠፍ ጥቁር ስፖንጅ ይሆናል። የድሮውን አውጥታችሁ በልኩ ቁረጡ። ሌንሱን ሳይጋርድ ዙሪያውን ይቀመጥ። ሽፋኑ ሲዘጋ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ያህል እንዲጨመቅ አድርጉት። በጣም ከወፈረ ሽፋኑ አይገጥምም፣ ወይም ዓይኑን ገፍቶ አቅጣጫውን ይለውጠዋል።

እዚህ ጋ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ለእኛ ዓይን ጥቁር የሆነ ሁሉ ለኢንፍራሬድ ጥቁር አይደለም። አንዳንድ ጥቁር ጨርቅና ስፖንጅ በካሜራው የሌሊት ዓይን ሲታይ ነጭ ነው። እንዲህ ያለውን ሌንሱ ዙሪያ ብትለጥፉት ቀለበቱን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ቁራጩን ማታ አንድ ሜትር ርቃችሁ ለካሜራው አሳዩት። ስልካችሁ ላይ ጠቁሮ ከታየ ጥሩ ነው። ከነጣ ሌላ ፈልጉ። የሚያብለጨልጭ ላስቲክና ጥርት ያለ ሲሊኮንም አይሆኑም።

ሽፋኑን ስትመልሱ ብሎኖቹን አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቃችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ሁሉንም በእጅ አስይዙ፣ ከዚያ ተራ በተራ፣ በተቃራኒ ጎን እያዟዟራችሁ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። ሽፋኑ በአንድ ወገን ከተንጋደደ ስፖንጁም በአንድ ወገን ይለቃል። ምስሉን እያያችሁ አጥብቁ። ፔንሲዮኑ ጋ ሁለተኛው ብሎን ሲጠብቅ ቀለበቱ ሳሳ፣ ሦስተኛው ላይ ጠፋ። ታች ሆነው ስልኩን የያዙት እትዬ «ተገፈፈ! ሞራው ተገፈፈ!» ሲሉ ከመሰላሉ ላይ ሰማሁ።

ደረጃ 6፦ ኮርኒሱና ግድግዳው

ቀለበቱ ጠፋ፤ የፔንሲዮኑ ምስል ግን ገና ሙሉ አልነበረም። ከላይ በኩል አንድ ነጭ ቁራጭ ቀርቷል፣ በሩም ትንሽ ጨለም ይላል። እሱ ኮርኒሱ ነበር።

የብርሃን ጉልበት በርቀት በጣም ይወርዳል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ኮርኒሱ ከካሜራው ግማሽ ሜትር፣ በሩ ደግሞ 10 ሜትር ቢርቅ፣ በሩ 20 እጥፍ ይርቃል፤ የሚደርሰው ብርሃን ግን 400 ጊዜ ያነሰ ነው። ካሜራው ይህን ነጭ ኮርኒስ ሲያይ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ዓይኑን ያጠባል። ኮርኒሱ ነጥቶ ይቀራል፣ በሩ ይጨልማል። በኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ አዲስ ቆርቆሮ፣ የሚያብለጨልጭ የብረት በር፣ ካሜራው ፊት የተንጠለጠለ የአበባ ቅጠል፣ ሁሉም እንዲሁ ያደርጋሉ።

መፍትሔው ቅርብ ያለው ነገር ከምስሉ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ዓይኑን ዝቅ አድርጉት። ካልበቃ ካሜራውን ከግድግዳው ጥግ ወደ በረንዳው ጠርዝ አምጡት። ጣራው ረጅም ከሆነ በማንጠልጠያ ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። ቅርንጫፉን ቁረጡ። ምስሉ ውስጥ የማይታይ፣ ግን ጠርዙ ላይ ያለ ግድግዳም ብርሃን መልሶ ሽፋኑን ሊመታ ስለሚችል ትንሽ ክፍተት ተዉ። እኛ ዓይኑን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ስናደርገው ኮርኒሱ ወጣ። ካሜራው ጥቂት ሰከንድ ወስዶ ብርሃኑን አስተካከለ። በሩ ፈካ።

ሱቅ ውስጥ ሆኖ በመስታወት በኩል ወደ ውጭ የሚያይ ካሜራ ግን በማስተካከል አይድንም። የሱቁ መስታወት ራሱ ሽፋን ሆኖበታል። የካሜራውን ኢንፍራሬድ አጥፉና ውጭ መብራት አብሩ፣ ወይም ካሜራውን ውጭ ስቀሉት።

ደረጃ 7፦ ሴቲንግ መጨረሻ ላይ

ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሴቲንግ ነው። እኔ ግን መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። የታጠፈ ስፖንጅ በሴቲንግ አይቃናም።

`Smart IR` ወይም `Smart Supplement Light` የሚል ካለ አብሩት። ሰው ቀርቦ ሲመጣ መብራቱን እየቀነሰ ፊቱ እንዳይነጣ ይረዳል። የኢንፍራሬዱን ጉልበት መቀነስ የሚቻል ከሆነና ግቢው ትንሽ ከሆነ ቀንሱት። 30 ሜትር እንዲያበራ የተሠራ መብራት ለ8 ሜትር ግቢ ይበዛል። የምስሉን ደማቅና ጨለማ ክፍል የሚያመጣጥኑት `WDR` እና `BLC` ሌሊት ምስሉን የሚያገርጡበት ጊዜ ስላለ አጥፍታችሁ አወዳድሩ። አንዱን ብቻ ለውጡ፣ እዩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂዱ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ከለወጣችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም።

ሐይቅ ዳር ላላችሁ

ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ የሚኖር ሰው ማታ አምፖል ሲበራ የሚሆነውን ያውቃል። ትንኙ አምፖሉን ይከባል። ትንኙን ተከትሎ ሸረሪት ይመጣል፤ ድሩንም ትንኝ ያለበት አጠገብ ይሠራል። ካሜራው ከአምፖሉ አጠገብ ከተሰቀለ ድሩ ሌንሱ ፊት ነው የሚዘረጋው። አንዲት ክር ሌንሱ ፊት ስትሆን በኢንፍራሬድ እንደ ነጭ ገመድ ትደምቃለች። እትዬ በረንዳቸው ላይ አምፖሉና ካሜራው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበሩ። አምፖሉን ወደ በረንዳው ሌላ ጫፍ አዛወርነው። ለሠራተኛቸውም በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ለስላሳ ብሩሽ አስረን ሰጠናት፤ ሽፋኑን ሳትነካ ዙሪያውን ድሩን ትጠርጋለች።

በክረምት ሌላ ጉም አለ። እርጥበት ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ላብ ይሆናል። ፀሐይ ስትወጣ ስለሚደርቅ ቀን አታዩትም። ምልክቱ ንጋት ላይ የሚብስ መሆኑ ነው። ይህን ካያችሁ የሽፋኑ ጎማ በቦታው መሆኑን፣ ኬብሉ የሚገባበት ቀዳዳም መደፈኑን ፈትሹ። ኬብሉ ካሜራው ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ መውጣት አለበት፤ ያኔ የዝናብ ውሃ ታች ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎት አይገባም። ከዚያ ደረቅ በሆነ ቀን ሽፋኑን ከፍታችሁ አየር አስገቡና፣ ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምናገኛትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሌንሱንና መብራቶቹን በማትነካበት ጥግ አስቀምጡ።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ ቀለበቱ በየጥቂት ወሩ የሚመለስ ከሆነ፣ ካሜራ ስትቀይሩ ዶም አትድገሙ። ዓይኑ እንደ ኳስ የሚዞር፣ ክብ ሽፋን የሌለው ዓይነት አለ። የመብራቱና የሌንሱ ፊት ለየብቻ ስለሆነ ብርሃኑ የሚሾልክበት መንገድ ጠባብ ነው። ለሐይቅ ዳር በረንዳ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ነገር አድርጉ። በዚያው ምሽት አንድ ሰው በሩ ላይ አቁሙና የካሜራውን ምስል ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ቀኑን ጻፉበት። ከወር በኋላ ማታ ያንኑ ምስል ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን እዩ። ሞራው ቀስ እያለ ሲጋርድ ዓይን ስለሚለምደው አይታወቅም፤ ሁለቱ ምስሎች ሲወዳደሩ ግን ወዲያው ይለያል። እትዬ የበሩን ምስል አስቀምጠውታል። ዘበኛው ዱላውን ተደግፎ፣ ኮፍያውን አውልቆ ቀጥ ብሎ ቆሟል።